ድሬዎች፣ እንግሊዝኛው መሃል አማርኛው የት ጋ ሲገባ ነው የሚያስቀው?

ቀፊራ ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ የእህቴ ባል ትንሽ ቁርስ ቤት አለው። ፉል፣ ባጊያ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ ነው የምንሸጠው። የቤቱን ገጽ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ከስሩ ካፕሽን እጽፋለሁ። አሁን ሰው የሚወደው እንግሊዝኛና አማርኛ የተቀላቀለበትን ነው። እኛ እንግሊዝኛውንም በራሳችን ፊደል ነው የምንጽፈው። እዚህም እንደዚያው አደርገዋለሁ።

ጥያቄዬ ይኸውና። ሁለት ካፕሽን ላሳያችሁ። አንደኛው፦

«ጉድ ሞርኒንግ ድሬ! ስታርት ዩር ዴይ ዊዝ ሄልዚ ፉል ኤንድ ፍሬሽ ባጊያ። ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ!»

ዞር ብሎ ያየው የለም። ሁለተኛው፦

«ብሬክፋስት ኢዝ ዘ ሞስት ኢምፖርታንት ሚል ኦፍ ዘ ዴይ፤ ስለዚህ የትናንቱን ሂሳብ ይዛችሁ ኑ።»

በዚህኛው ሰው ሳቀ። ዱቤ ያለበትን ጓደኛውን ታግ የማያደርግ ጠፋ። ቤቱ ድረስ መጥቶ «ያቺን ነገር ማን ነው የጻፋት?» ያለም አለ። ሁለቱም ድብልቅ ናቸው፣ ሁለቱም ስለ ቁርስ ናቸው። ታዲያ አንዱን ምን አስቂኝ አደረገው?

የምጠይቀው ሦስተኛ ስላለኝ ነው። ሰሞኑን ቬንትሌተራችን ቆሟል። በድሬ ሙቀት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ለጊዜው የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

«ሙቀቱ ኢዝ ቱ ማች፣ የእኛ ቬንትሌተር ኢዝ ኖት ወርኪንግ፣ ሶ ፕሊዝ ቀዝቃዛ ጁስ ድሪንክ አድርጉ።»

ቅልቅሉ ከሁለተኛውም ይበዛል። ግን ቤት ውስጥ ሳነብላቸው ማንም ፈገግ አላለም። ምኑ ነው የጎደለው?

የለገሃሬ ልጅ

አቦ ይሄማ ቀላል ነው። የሚያስቀው እንግሊዝኛው ነው። ከበድ ያለ እንግሊዝኛ አምጪ። «ቱ ማች» ማንም የሚለው ነው። ሰው የሚስቀው ትልቅ የቢሮ ቃል ከፉልና ከባጊያ ጎን ሲቀመጥ ነው። ቃሉ በከበደ ቁጥር ሳቁ ይጨምራል።

ደቻቱ ማዶ

እኔም በካፕሽን ተቃጥያለሁ። ቪዲዮ ስሠራ የምናገረውን ከስር በጽሑፍ አወጣዋለሁ። ጽሑፉ ከድምፄ ቀድሞ ይወጣና ሰው ቀልዱን ከአፌ ሳይሰማ አንብቦ ይጨርሰዋል። አሁን የመጨረሻዋን ቃል ለብቻዋ ቆርጬ፣ ልክ ስናገራት እንድትወጣ አደርጋለሁ። አንቺም ጽሑፉን ለሁለት ቁረጪው።

ቀፊራ ማለዳ

ደቻቱ ማዶ፣ አመሰግናለሁ። የእኔ ግን ቪዲዮ አይደለም። ፎቶ ስር የሚጻፈውን ነው ያልኩት።

ሆጃ በወተት

ሰላም ከሐረር። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሲያወሩ ቋንቋ የሚቀይሩበትን ቦታ ማዳመጥ በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ከመጀመሪያው ካፕሽን እንነሳ። እሱ ውስጥ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። ፉልና ባጊያ በየትኛውም ቋንቋ ብትናገሪ ስማቸው ያው ነው። የሚናገረው ሰውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ማስታወቂያ ነጋሪ። ምንም ነገር ስላልተቀየረ የሚያስቅ ነገር አልተፈጠረም።

ሁለተኛው ላይ ግን ሁለት ሰው አለ። «ብሬክፋስት ኢዝ ዘ ሞስት ኢምፖርታንት ሚል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። የጤና ምክር ድምፅ ነው። አንባቢው «አሁን ስለ ጤናዬ ሊነግሩኝ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። «ስለዚህ» ስትይ ምክሩ ገና የቀጠለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ግን ደብተሩን የገለጠ ባለ ዱቤ ነው። እንግሊዝኛው ከፍ አድርጎ ያስቀመጠውን ሰው አማርኛው ቁልቁል አወረደው። ሳቁ ያለው እዚያች መውረጃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቬንትሌተሩ እንምጣ። እዚያ ላይ ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። ሻና ፖፕላክ የተባለች ተመራማሪ በኒው ዮርክ የሚኖሩ የፖርቶ ሪኮ ሰዎችን ንግግር አጥንታ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ሥራ አለ። ሰዎቹ እንግሊዝኛና ስፓኝኛ የሚቀያይሩት በብዛት የሁለቱም ቋንቋ የቃል ቅደም ተከተል በሚገጥምበት ቦታ እንደሆነ አሳይታለች። የእኛ ችግር አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። እንግሊዝኛ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። «ሙቀቱ» ብለሽ ስትጀምሪ የአንባቢው ጆሮ ግሱን መጨረሻ ላይ ይጠብቃል። አንቺ ወዲያው «ኢዝ» አልሽው። ቀጥለሽ «የእኛ ቬንትሌተር» ብለሽ እንደገና «ኢዝ» አልሽ። አንባቢው ዐረፍተ ነገሩን ለመገጣጠም ሲለፋ የሚስቅበት ትንፋሽ አያገኝም።

«ድሪንክ አድርጉ» ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ የእንግሊዝኛ ግስ ከ«አደረገ» በፊት ይገባል። ፖስት አደረገ፣ ካንስል አደረገ፣ ቻርጅ አደረገ እንላለን። ጆሯችን ይሄን እንደ አማርኛ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቋንቋ የቀየርሽ አይመስልም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ዲር ቫልዩድ ከስተመርስ፣ ዱ ቱ አንኤክስፔክትድ ሰርከምስታንስስ ቬንትሌተሯም ደክሟታል።»

መቀየሪያው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው ሁሉ የትልቅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ከኋላው ያሉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። እነሱን ጠጋ ብለሽ እያቸው። «ቬንትሌተሩ ተበላሽቷል» ብትይ ያው ደብዳቤው ቀጠለ ማለት ነው። «ሯ» ስትገባ ግን ዕቃዋ የቤት ልጅ ሆነች። እንግሊዝኛ ዕቃን ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አያቀርብም። «ም» ደግሞ ሌላ ወሬ ታወራለች። እኛ ሁላችንም ቀድመን ደክመናል፣ አሁን እሷም ተከተለችን ትላለች። በመጨረሻ ግሱ ይመጣል። ሳቁን የሚጥለው እሱ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ ኋላ ማስቀመጡ ረቂቅሽን እንዳስቸገረው እዚህ ይጠቅምሻል። ከግሱ በኋላ ምንም አትጨምሪ። «ጁስ ጠጡ» ማለት ከፈለግሽ ሌላ መስመር ላይ ይሁን።

የለገሃሬ ልጅ

ሆጃ፣ እኔ ካልኩት ምን ተለየ? «ሰርከምስታንስስ» ከባድ ቃል ነው አይደል?

ሆጃ በወተት

ከባድ መሆኑ ረድቷል፣ ልክ ነህ። ግን የረዳው ሰው ስለሚያውቀው ነው። ባንክ፣ አየር መንገድ፣ የስልክ መልእክት ላይ ይሄን ድምፅ ሰምቶታል። ትርጉሙን በደንብ ባያውቅም ማን እንደሚናገር ያውቃል። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ብታመጣ ሰው ይቆምና «ምን ማለት ነው?» ይላል። አስረድተህ ስትጨርስ አማርኛው ቀዝቅዟል። አንድ መፈተኛ አለ። ለአንድ ሰው ጮክ ብለህ አንብብለትና የት ላይ እንደሚስቅ እይ። እንግሊዝኛው ላይ ቅንድቡ ከተሰበሰበ ቃሉ ከብዷል። ግሱ ላይ ከሳቀ ይዘሃል።

መጋላ ሱቅ

ጥሩ ውይይት ነው። ግን አንድ ነገር ተዘሏል። በእኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ለእኔ አማርኛ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ቋንቋ ነው። «ቬንትሌተሯም ደክሟታል» ገብቶኛል፣ ፈገግም ብያለሁ። ሆጃ ያልከው ቁልቁል መውረድ ግን ለእኔ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። ከባንክ ወጥቼ ቀበሌ የገባሁ ያህል ነው፣ እናቴ ቤት አልደረስኩም።

ሱቄ ውስጥ ሦስት አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው የሚገባው። ስለዚህ የእቁብ ቀን ሲደርስ ለአባላቱ ይሄን ነው የምልከው፦

«ካይንድ ሪማይንደር፦ ዋርያ፣ እቁብ ዛሬ ነው!»

«ዋርያ» ሶማልኛ ነው። ድሬ ውስጥ ግን ቤቱ ምንም ይናገር፣ መንገድ ላይ «ዋርያ!» ተብሎ ያልተጠራ ወንድ የለም። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው እኩል ይስቃል። የቁርስ ቤቱ ደንበኛ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ «አፍ መፍቻው አማርኛ ነው» ብሎ መነሳት ልክ አይመስለኝም።

ሆጃ በወተት

መጋላ ሱቅ፣ ይሄን እኔ አላነሳሁትም ነበር፣ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ጀጎል ውስጥም እንደዚሁ ነው። ጌይ ሲናን እቤቱ የሚናገር ተማሪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲቀየር አይስቅም። ወደ ጌይ ሲናን ሲቀየር ግን ክፍሉ ይፈርሳል፣ ያልገባውም አብሮ ይስቃል። «ዋርያ» ደግሞ ቦታዋ ግሩም ነው። መጥሪያ ስለሆነች የየትኛውንም ቋንቋ ሰዋስው አትነካም። መገጣጠሚያው ላይ ቁጭ ትላለች።

የምድር ባቡር ጡረተኛ

ልጆች፣ እኔም ልግባበት። የባቡሩ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ጀምሮ ይህች ከተማ ፈረንሳይኛ ስትቀላቅል ኖራለች። እኛ ዎርክሾፕ ውስጥ ግማሹን መሣሪያ በፈረንሳይኛ ነበር የምንጠራው። ሹፌርና ቢሮ ከዚያው የመጡ ናቸው፣ ለገሃሬም እንደዚሁ። ዛሬ «ሹፌሩ ቢሮ ገባ» ቢባል የሚስቅ ሰው የለም። እናንተ የምትስቁበት እንግሊዝኛም ነገ እንደዚያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መምህሩ የጻፉትን እኔ በአማርኛ ብቻ ሞከርኩት፦

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ባጋጠመን ያልታሰበ እክል ምክንያት ቬንትሌተሯም ደክሟታል።»

ባለቤቴ ሳቀች። በማይክራፎን የሚነገረውን የጣቢያውን ማስታወቂያ ነው ያስታወሳት። ታዲያ እንግሊዝኛው ለምን አስፈለገ?

ሆጃ በወተት

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው ያመጡት። ማንኛውንም ድብልቅ ካፕሽን እንዲህ ወደ አንድ ቋንቋ መልሶ ማየት ሥራውን የሚሠራው ምን እንደሆነ ያሳያል። የዱቤው ካፕሽን በአማርኛ ብቻ ቢጻፍ ቀልዱ ይቀራል፣ መውረጃው ግን ይቀንሳል። የእርስዎ ግን መውረጃውም አለው፤ ምክንያቱም የማስታወቂያ አማርኛና የቤት አማርኛ ራሳቸው ሁለት ድምፅ ናቸው። እንግሊዝኛው የሚጨምረው ድንበሩ ለጆሮ ቶሎ መሰማቱን ይመስለኛል። የእርስዎ ይበልጣል የሚል ሰው ቢመጣ ግን የምከራከርበት ነገር የለኝም።

የለገሃሬ ልጅ

እኔ እከራከራለሁ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኛ ዕድሜ ሰው የጣቢያ ማስታወቂያ ሰምቶ አላደገም። ኢሜይልና የባንክ መልእክት ነው ያደግንበት። ለእኛ «ዲር ቫልዩድ ከስተመር» ነው ከላይ የሚመጣው ድምፅ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ

ይሁን። ለእናንተ ጻፉት፣ ለእኔ ዓይነቱ ደንበኛ ደግሞ በአማርኛው ንገሩት።

ጀጎል በር

እኔ የገጽ ዲዛይን ነው የምሠራው። ቀፊራ ማለዳ እንግሊዝኛውን በፊደላችን እንጽፋለን ያለችው ላይ ማንም አልቆመም፣ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። እንግሊዝኛው በላቲን ፊደል ቢጻፍ ዓይን ከማንበቡ በፊት ድንበሩን ያየዋል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ሁለት የአማርኛ ቃላት ተቀምጠው ይታያሉ። ሰው ቀልዱ የት እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። ሁሉም በአንድ ፊደል ሲሆን ግን ድንበሩ ይደበቃል። አንባቢው እንግሊዝኛ እያነበበ ነው ብሎ ሲያስብ በድንገት እቤቱ ገብቷል።

ዋጋ አለው ግን። በፊደላችን የተጻፈ እንግሊዝኛ ለማንበብ ቀስ ይላል። ሰው እያንዳንዱን ፊደል በአፉ ውስጥ ነው የሚያሰማው። ስለዚህ ከአንድ መስመር በላይ አይቻልም።

ሌላው ነገር፣ ረጅም ካፕሽን ስልክ ላይ ይቆረጥና «ተጨማሪ» የሚል ይመጣል። አማርኛው ከዚያ በታች ከወደቀ ላይ ያለው ደረቅ እንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል። ሰው ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል። ግሱ ከመቆረጫው በላይ መሆኑን በሌላ ሰው ስልክ አረጋግጪ።

ገንደ ቆሬ

ሁላችሁም እየተደሰታችሁ ነው። እኔ ግን የምለው አለኝ። እህቴ ስትመረቅ ፎቶዋ ስር በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ የጨረሰችው ካፕሽን ነበር። ከልቧ ነው የጻፈችው። እናቷን ነው ያመሰገነችበት። እንግሊዝኛው ላይ ስህተት ነበረው። ሰዎች ፎቶ አንስተው አሰራጩት፣ ሳቁባት። ገጿን ዘጋች። እናንተ ያላችሁት «መውረጃ» ማለት ይሄም ነው። እንግሊዝኛ ሞክሮ አማርኛ ላይ የወደቀ ሰው ያስቃችኋል።

መጋላ ሱቅ

ይሄ ያሳዝናል። እህትሽን አይዞሽ በያት። ግን አንድ አይመስለኝም። ቁርስ ቤቱ ላይ ሰው የሚስቀው በደብዳቤው ድምፅ ላይ ነው። ሠሪዋም አብራ ትስቃለች። እህትሽ ግን እንድትስቁ ብላ አልጻፈችም።

ሆጃ በወተት

እኔም የማየው እንደዚያ ነው። የቁርስ ቤቷ ካፕሽን እንግሊዝኛ ሆን ተብሎ እንከን የለሽ ነው። ስህተት ቢኖርበት ሰው ስህተቱ ላይ ይስቅና አማርኛው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ለዚህም ነው አስተናጋጅ ወይም የገጠር ሰው እንግሊዝኛ ሲሳሳት የሚያሳይ ካፕሽን የማልወደው። እዚያ የሚወርደው ደብዳቤው አይደለም፣ ሰውዬው ነው።

ገንደ ቆሬ

ልዩነቱ ይገባኛል። ግን የሚስቀው ሕዝብ ያው አንድ ሕዝብ ነው። ጠዋት በቬንትሌተሯ የሳቀው ከሰዓት የእህቴን ያገኘዋል። ያንን ጆሮ የሚያሠለጥነው ማን ነው? እኔ አልተዋጠልኝም።

ቀፊራ ማለዳ

ገንደ ቆሬ፣ ያልሽውን ይዤዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች አነጋገር ካፕሽን አላደርግም፣ ይሄን ለአማቼም ነግሬዋለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። የቬንትሌተሯን ካፕሽን ትናንት ጠዋት ለቀቅኩት። ከስሩ ሰው ራሱ መቀጠል ጀመረ። አንዷ «ዊ አፖሎጃይዝ ፎር ዚ ኢንኮንቪኒየንስ፣ ስኳሯም ኩርፊያ ላይ ናት» አለች። ሌላው «ፕሊዝ ቢ ፔሸንት፣ አስተናጋጁም ጥላ ፍለጋ ወጥቷል» አለ። የመጀመሪያዋ የበለጠ አሳቀች።

በሌላ በኩል አንድ ሁልጊዜ የሚመጡ አባት ስልኩን አስነብበው «ሰርከምስታንስስ የያዛት በሽታ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከልባቸው ነው። ስለዚህ የጋሼን አማርኛ በወረቀት ጽፌ ቬንትሌተሯ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቤት የሚገባው እሱን ያነባል፣ ስልክ ላይ ያለው ያኛውን።

ሆጃ በወተት

ስኳሯ የበለጠችው «ናት» ላይ ስላለቀች ይመስለኛል። አጭር ናት፣ ሴትም አድርጋታለች። አስተናጋጁ ላይ ያለው ግን እውነት ሊሆን የሚችል ወሬ ነው። ሰው ሙቀት ሲሆን ጥላ ይፈልጋል፣ ምን ያስቃል?

ቀፊራ ማለዳ

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ተገላቢጦሹስ? አማርኛ ቀድሞ እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ቢሆን? ለነገ እንዲህ አስቤያለሁ፦

«እማማ ዛሬም መጥተው ፉሉ ጨው በዝቶበታል፣ ዘይት አንሶታል፣ ልጅቷም አልሳቀችልኝም ብለው ሄደዋል። ኖትድ ዊዝ ታንክስ።»

ሆጃ በወተት

ይሄ ይሠራል፣ ግን በሌላ መንገድ ነው። እዚህ ወደ ታች የሚወርድ የለም። የሞቀ የቤት ስሞታ ላይ ድንገት የቢሮ በር ይዘጋል። እንዲሠራ እንግሊዝኛው በጣም አጭርና በጣም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። «ዊ ዊል ኢምፕሩቭ አወር ሰርቪስ» ብትይ እውነተኛ መልስ ይሆናል፣ ያልቃል። ዐረፍተ ነገሩ በአማርኛ ግስ ተዘግቶ አራት ነጥብ ካረፈ በኋላ እንግሊዝኛው ለብቻው መቆሙም ጥሩ ነው። የምታነሺያቸው እማማ ግን እውነተኛ ሰው ከሆኑ አስፈቅጂያቸው።

የለገሃሬ ልጅ

እኔ በዚህ አልስማማም። እንግሊዝኛ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሰው የሚስቀው እማማ ላይ ነው። «ኖትድ» ያለችው ቁርስ ቤቷ እማማን ከላይ ሆና ታያቸዋለች። የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል። «ዲር ከስተመር፣ ዩር ፊድባክ ኢዝ ቬሪ ኢምፖርታንት ቱ አስ፤ ጨው ግን አልበዛም።» አለቀ።

ገንደ ቆሬ

የለገሃሬ ልጅ ያልከው የተሻለ ነው። እዚያ ላይ ቢያንስ እማማ መልስ መስጠት ይችላሉ።

ጀጎል በር

ሁለቱንም አውጫቸው፣ በተለያየ ቀን። አንዱን ደግሞ እንግሊዝኛውን በላቲን ፊደል ሞክሪውና ልዩነት ካለው እዚሁ ጻፊልን።